የጢጥታው ሠንጠረዥ የማን ነው? ለአንድ የኮምፒውተር ጥገና ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ኮምፒውተርዎ ሲበራ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ጢጥ ጢጥ ካለ ድምፁን ይቁጠሩ። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከሆነ ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ሦስት አጭር ከሆነ ራሙ ነው። ድምፁ የጠራው ዕቃ ተበላሽቷል ማለት ስለሆነ አዲስ ገዝተው ይቀይሩት። በአዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይም መብራት በርቶ ከቀረ ከጎኑ ስሙ የተጻፈው ዕቃ ተቃጥሏል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ማዘርቦርዱ ሞቷል፤ በከንቱ አይድከሙ።»

ይህ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ጸሐፊው ሰው ለመርዳት አስቦ እንደጻፈው አልጠራጠርም። ግን እሱን አንብበው ዕቃ የገዙ ሰዎች ዞረው እኛ ጥገና ቤት ይመጣሉ። እዚህ ደግሞ ያለቦታው የተገዛ ዕቃ ያስቆጫል። ብዙው ዕቃ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጭኖ ነው የሚመጣው። አንዴ ከተሰካ በኋላ «አልሆነኝም» ብትሉ የሚመልስላችሁ ነጋዴ ማግኘት ዕድል ነው። ስለዚህ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ልመልስ።

ስለ ሠንጠረዡ

ጢጥ የሚያሰኘው ባዮሱ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ባዮስ የሚሠሩት ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የሚስማሙበት ቋንቋ ግን የላቸውም። ጸሐፊው ያስቀመጠው የአንድ ረጅምና ሁለት አጭር ፍቺ የድሮው የአዋርድ ባዮስ ነው። አዋርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ከፊኒክስ ጋር ተቀላቅሏል፤ ሠንጠረዡ ግን እስከ ዛሬ እየተቀዳ ይዞራል።

አሁን የአሱስን ማዘርቦርድ መመሪያ ክፈቱ። ያንኑ ድምፅ፣ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር፣ «ራም አልተገኘም» ብሎ ነው የሚፈታው። ግራፊክስ ሲያጣ የሚያሰማው አንድ ረጅምና ሦስት አጭር ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ኤኤምአይ በሚባለው ሌላ ባዮስ ሠሪ የቆየ ሠንጠረዥ ደግሞ አንድ ረጅምና ሦስት አጭር የራም ችግር ነው። አንዱ ራም የሚለውን ሌላው ግራፊክስ ይለዋል፣ ሌላው ግራፊክስ የሚለውን አንዱ ራም ይለዋል። ሠንጠረዡን ከተሳሳተ ቦታ ያመጣ ሰው ትንሽ አይደለም የሚስተው፤ በትክክል ተቃራኒውን ዕቃ ነው የሚገዛው።

ሦስት አጭሩም እንደዚያው ነው። በድሮው ኤኤምአይ የራም ነው። በብዙ የዴል ዴስክቶፖች ላይ ሦስት ጢጥ የቺፕሴት፣ ማለትም የማዘርቦርዱ የራሱ ችግር ነው፤ ራሙ ሁለት ወይም አራት ላይ ነው የሚመጣው። በቆዩት የኤችፒ ኮምፓክ ዴስክቶፖች ላይ ሦስት ጢጥ ከሦስት ቀይ ብልጭታ ጋር ከመጣ ፕሮሰሰሩ በቦታው የለም ወይም አልታየም ማለት ነው። እነዚህ ኤችፒዎች ራም ሲቸግራቸው አምስት ነው የሚሉት።

ስለዚህ ከመቁጠር በፊት ኬዙን ክፈቱና ማዘርቦርዱ ላይ በትልቁ የታተመውን ስም አንብቡ። ብዙውን ጊዜ በራሙና በካርድ መሰኪያዎቹ መካከል ታገኙታላችሁ። የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ ከሆነ ኬዙ ላይ የተለጠፈው የሞዴል ስም ይበቃል። ከዚያ የዚያን ሞዴል መመሪያ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። ከመንደር የተገኘ ሠንጠረዥ አያስፈልጋችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤችፒዎቹ ጢጥ የሚሉት አምስት ዙር ብቻ ነው። ከዚያ ድምፁ ይቆማል፤ የማብሪያው ቀይ መብራት ግን ችግሩ እስኪፈታ ድረስ ብልጭ ድርግም ማለቱን ይቀጥላል። ደንበኛው ቡና ሊጠጣ ወጥቶ ሲመለስ ዝም ብሎ ካገኘው «ድምፅ የለውም» ብሎ ይነግረናል። መብራቱን ቁጠሩ፤ በሁለት ዙር መካከል ሁለት ሰከንድ ያህል ፋታ አለው። በኋላ የመጡት የዴል ኦፕቲፕሌክሶች ደግሞ ድምፁን ትተው በማብሪያው መብራት ቀለም ነው የሚናገሩት። ሁለት ጊዜ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ነጭ ካለ ራም አላገኘም። ሁለትና አራት ከሆነ ራሙን አግኝቶታል፣ ግን አልሠራለትም። ሦስትና አንድ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ነው። ለመቁጠር ከተቸገራችሁ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹትና ቀስ ብላችሁ እዩት።

የተጠራው ዕቃ ይቀየር ስለተባለው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብር የሚያስበላው ይሄ ነው።

ኮምፒውተር ሲበራ ባዮሱ ዕቃዎቹን በተራ ያነሳል። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ሥራ ይጀምራል፣ ከዚያ ራም፣ ከዚያ ግራፊክስ፣ መጨረሻ ላይ ዊንዶውሱ ያለበት ዲስክ። አንዱ ጋ ደርሶ ማለፍ ካቃተው እዚያው ይቆምና ይጮሃል። የሚነግረን የቆመበትን ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳ አውቶቡስ ጊቤ በረሃ ላይ ቆመ ቢሏችሁ ድልድዩ ተሰበረ ማለት አይደለም፤ ጎማው ሊሆን ይችላል፣ ነዳጁ ሊሆን ይችላል።

በቅርቡ የመጣ አንድ ሥራ ነገሩን ያሳያል። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ በር አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ያላት ልጅ ናት። ማሽኑ የአሱስ ኤች 81 ማዘርቦርድ ያለው፣ ሁለት የራም ስሎት ያለው ተራ ዴስክቶፕ ነው። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ይላል። ወንድሟ ያንን ጽሑፍ አንብቦ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ አስመጣላት።

«ጋሼ፣ ካርዱን ገዝተን ሰካነው፤ ጩኸቱ ግን ያው ነው» አለችኝ።

ያው መሆኑ ራሱ ትልቅ ወሬ ነው። አንድ ዕቃ ጨምረን ወይም ቀንሰን ድምፁ ካልተለወጠ ባዮሱ እዚያ ዕቃ ጋ ገና አልደረሰም ወይም ዕቃውን አላየውም ማለት ነው። ካርዱን ነቅዬ ወደ ጎን አስቀመጥኩት። ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መውጫ አገናኘሁ፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ካርድ ጨርሶ አያስፈልገውም ነበር።

ቀጥሎ ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እስክትጠፋ ጠበቅሁ። ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ለጥቂት ሰከንድ የምትበራ መብራት ናት፤ እሷ ሳትጠፋ ራም መንቀል ራሙን ማቃጠል ነው። ሁለቱንም ራም አውጥቼ ባዶውን አበራሁት። ያንኑ ጮኸ። ራም ሲኖርም ሳይኖርም አንድ ዓይነት ድምፅ ካሰማ፣ ራሙ ቢሰካም ለእሱ እንዳልተሰካ ነው የሚቆጠረው።

አሁን አንዱን ራም ብቻ ያዝኩ። ለፕሮሰሰሩ የሚቀርበው ስሎት ላይ ስሰካው ጮኸ። የራቀው ላይ ስሰካው ተነሳ፤ ዊንዶውስ ገባ። ሁለተኛውን ራም እዚያው በራቀው ስሎት ሞከርኩ፤ እሱም ተነሳ። ቅርቡ ስሎት ላይ ግን ሁለቱም እምቢ አሉ። እንግዲህ ፍርዱ ግልጽ ነው። ጥፋቱ ራሙን ተከትሎ ከዞረ ጥፋተኛው ራሙ ነው። ጥፋቱ ስሎቱ ላይ ከቀረ ራሞቹ ነፃ ናቸው። «ራም አልተገኘም» በሚል ድምፅ ተነስተን ሁለቱም ራሞች ደህና መሆናቸውን አወቅን።

ስሎቱን በለስላሳ ብሩሽና በአልኮል አጸዳሁት። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ እርጥበቱ ከአቧራ ጋር ሲገናኝ የራሙ ወርቃማ ጥርሶች ላይ ቡናማ ነገር ይይዛል። ብዙ ጊዜ ጩኸቱ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። ራሙን አውጥቶ ጥርሶቹን በለስላሳ ነጭ ላጲስ ቀስ ብሎ መጥረግ፣ ፍርፋሪውን ማራገፍ፣ ጠቅ እስኪል መልሶ መጫን ይበቃል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለሆነ በደንብ ሳይደርቅ ገመድ አትሰኩ። የልጅቷ ማሽን ግን ጸድቶም ያው ነው።

የቀረው ፕሮሰሰሩ የተቀመጠበት ሶኬት ነው። ራምን ከሶኬት ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ድሮ ራሙን የሚያስተዳድረው ክፍል ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ራም ስሎት መስመር በቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ ፒኖች ነው የሚሄደው። አንድ ፒን ካልነካ አንድ ሙሉ ስሎት ይጠፋል።

ፋኑንና ፕሮሰሰሩን አነሳሁ። ሶኬቱ 1150 ፒን ያለው ነው። ከላይ ቀጥ ብላችሁ ካያችሁት ሁሉም ደህና ይመስላል። የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ ስታዩት ግን የፒኖቹ ጫፍ በአንድ መስመር ያበራል፤ የታጠፈው ከመስመሩ ይጎድላል። በአንዱ ጠርዝ አካባቢ አንዲት ፒን ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ ተኝታለች። ልጅቷን ስጠይቃት ከዚህ በፊት የፕሮሰሰሩ ፔስት፣ ሙቀቱን ወደ ፋኑ የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ሌላ ጥገና ቤት ተቀይሮ እንደነበር ነገረችኝ። ያኔ ፕሮሰሰሩ ሲቀመጥ ተንሸራቶ ይሆናል።

በማጉያ መነጽር እያየሁ በቀጭን መርፌ ቀና አደረግኋት። ይህን እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይሞክረው፤ ፒኗ ከተሰበረች መመለሻ የለም። ፕሮሰሰሩን መልሼ፣ አዲስ ፔስት ቀብቼ ሁለቱንም ራም ሰካሁ። አንድ አጭር ጢጥ ብሎ ተነሳ። ፒኗ ባትቃና ኖሮም አንድ መላ ነበር፤ በሚሠራው ስሎት ላይ አንድ 8 ጊጋ ራም ብቻ ሰክታ መሥራት ትችል ነበር። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ለጽሕፈት ሥራ ልዩነቱን አታየውም። ፒኗ ሌላ ፒን ነክታ ከሆነ ግን እንደዚያ ማሠራት አደጋ አለው፤ መጀመሪያ መነካካቱን ማላቀቅ ያስፈልጋል።

ስለ መብራቶቹ

አዳዲሶቹ የአሱስና የኤምኤስአይ ቦርዶች ጥግ ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ሲፒዩ፣ ድራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት የሚል ተጽፎባቸዋል። ኮምፒውተሩ በተበራ ቁጥር፣ ጤነኛ ሆኖም፣ በተራ በራ ጠፋ ይላሉ። የሚነግረን በርቶ የቀረው ነው። እሱም ቢሆን ልክ እንደ ጢጥታው የቆመበትን ቦታ እንጂ የተቃጠለ ዕቃ አይጠቁምም።

ቡት የሚለው በርቶ ከቀረ ማሽኑ ራሙንም ፕሮሰሰሩንም ግራፊክሱንም አልፎ መጥቷል። ዲስኩን ወይም ዲስኩ ውስጥ ያለውን ዊንዶውስ ነው ያጣው። የላላ የዲስክ ገመድ ይህን መብራት ያበራል። ሰው ግን ይህን አይቶ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ሲባል ይደነግጣል።

ቪጂኤ የሚለው ላይ በመጀመሪያ የምናየው ገመድ ነው። የተለየ ካርድ ከተሰካ ሞኒተሩ ካርዱ ላይ መሆን አለበት። ትልልቅ ካርዶች ደግሞ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋሉ። እሱ ሳይሰካ የካርዱ ፋን ሊዞር ይችላል፣ መብራቱ ግን አይጠፋም። የኢንቴል ፕሮሰሰራችሁ ስም መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለበት ደግሞ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ያለ ካርድ ቪጂኤ መብራቱ በርቶ መቅረቱ የተፈጥሮው ነው።

ድራም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዲዲአር 5 ራም የያዙ አዳዲስ ማሽኖች መጀመሪያ ሲበሩ ወይም ባዮሱ ሲታደስ ራሙን መለማመድ አለባቸው። ይህ በተለይ በኤኤምዲዎቹ ላይ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ያን ሁሉ ጊዜ የድራም መብራት በርቶ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ሰው ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል፤ ሲያበራው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት። ካልተነሳ በኋላ ነው አንድ ራም ብቻ አስቀርቶ መሞከር የሚመጣው። አራት ስሎት ባለው ቦርድ ላይ አንዱን ራም የምትሰኩበት ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ቆጥራችሁ ሁለተኛው ስሎት ነው፤ መመሪያው ይነግራችኋል።

ዝም ስላለው ማሽን

ዝም ያለ ማሽን መጀመሪያ አፍ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦርዶች ባለ አራት ፒን የስፒከር መሰኪያ ብቻ ነው ያላቸው፤ ትንሿ ጥቁር ድምፅ ማሰሚያ ለብቻዋ ናት፣ ብዙ ኬዞች ውስጥም የለችም። ከማይሠራ አሮጌ ኬዝ ነቅላችሁ ሰኩባት። እሷ ሳትኖር ማሽኑ የቱንም ያህል ቢቸገር አይሰማም።

ስፒከሩ ከተሰካ በኋላ እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ፈተና አለ። ራሙን ሁሉ አውጡና አብሩት። ከጮኸ ደስ ይበላችሁ፤ «ራም የለኝም» ለማለት ፕሮሰሰሩ መሥራት አለበት፣ ባዮሱ መነበብ አለበት፣ የቦርዱ ዋና ዋና ኃይል መድረስ አለበት። ጸሐፊው ሞቷል ያለው ቦርድ በአንድ ጩኸት ሕያው መሆኑን ያረጋግጣል። ከዚያ ወዲህ ፍለጋው ራምና ከራም በኋላ ያለው ላይ ነው።

ራም ሳይኖርም ዝም ካለ ወደ ኃይሉ ሂዱ። ፋኑ መዞሩ አያታልላችሁ። ፕሮሰሰሩ ከትልቁ ባለ 24 ፒን ገመድ ሌላ፣ ከላይ ጥጉ ላይ የሚሰካ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን የራሱ ገመድ አለው። እሱ ከተረሳ ወይም ከላላ ፋኑ ይዞራል፣ መብራት ይበራል፣ ማሽኑ ግን ትንፍሽ አይልም። ኬዝ ያጸዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህን ገመድ ነው።

ገመዱ ካለ መልቲሜትር አውጡ፤ በተለይ ችግሩ መብራት ሄዶ ሲመጣ የጀመረ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን አስቀድማችሁ ጠርጥሩ። ማሽኑ እንደበራ ጥቁሩን ጫፍ ጥቁር ሽቦ ላይ አድርጋችሁ ቢጫው ላይ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ላይ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ማግኘት አለባችሁ። ሰው የሚዘነጋው ግራጫውን ሽቦ ነው። ፓወር ሰፕላዩ «ኃይሌ ተረጋግቷል» ብሎ ለቦርዱ የሚያስታውቅበት ነው፤ 5 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ግራጫው ባዶ ከሆነ ቦርዱ ፕሮሰሰሩን አያስጀምረውም፤ ፋን እየዞረ ዝም ይላል። አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ሽቦአቸው ሁሉ ጥቁር ነው፤ ያኔ በመሰኪያው ላይ ስምንተኛውን ፒን ፈልጉ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትፍቱት፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ አደገኛ ቮልት ይይዛል።

ኃይሉ ሁሉ ልክ ከሆነ ገመዱን ነቅላችሁ ክቡን ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጡና መልሱ፤ የተበላሸ የባዮስ ቅንብር ካለ ይጠፋል። ያም ካልሆነ ጥርጣሬው ሦስት ላይ ነው፤ ፕሮሰሰሩ፣ የባዮሱ ቺፕና ቦርዱ ራሱ። ፕሮሰሰሩን በሚሠራ ተመሳሳይ ቦርድ ላይ መሞከር ይቻላል። ባዮሱን ደግሞ ባለ ስምንት እግሯን ቺፕ ፕሮግራመር በሚባለው መሣሪያ አንብቦ ከአምራቹ የወረደውን ፋይል መልሶ መጻፍ ነው። ከመጻፍ በፊት ግን ቺፗ ውስጥ ያለውን አንብባችሁ አስቀምጡ፤ የቦርዱ መለያ ቁጥርና የኔትወርክ አድራሻው ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።